ከድምፅ ቅጂው እስከ ኢሜይሉ፦ የቅዳሜ ስብሰባዎች የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አንደኛው ስብሰባ

የምሠራው በአንድ አነስተኛ የምሕንድስና አማካሪ ቢሮ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በግንባታ ላይ ላለ አንድ ጂ ፕላስ ሁለት መኖሪያ ቤት በየቅዳሜው ስብሰባ ይደረጋል፤ ከዚህ ስብሰባ ጀምሮ ከስብሰባው በኋላ ለተሳታፊዎቹ የሚላከውን ኢሜይል የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ተሳታፊዎቹ አምስት ናቸው፦ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩትና በቪዲዮ ጥሪ የሚገቡት የቤቱ ባለቤት፣ እዚህ በውክልና የሚከታተሉላቸው እህታቸው፣ ተቋራጩ፣ የሳይት መሐንዲሱ እና የቢሯችን ተቆጣጣሪ መሐንዲስ።

እስካሁን ቃለ ጉባኤ የሚያዘው በእጅ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም «ተብሏል»፣ «አልተባለም» የሚል ክርክር ይነሣል። ስለዚህ የሁሉም ፈቃድ ተጠይቆ ስብሰባው በስልክ ተቀዳ፤ እኔም ቅጂውን እየሰማሁ ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መለስኩት። የ47 ደቂቃው ንግግር አራት ሰዓት ተኩል ወሰደብኝ። በመጀመሪያ በተለመደው ፍጥነት እየሰማሁ በየደቂቃው አቆም ነበር፤ ቆይቶ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ ሳደርገው ብዙ ሳላቆም ለመከተል ቻልኩ። ወጪው 1,200 ብር የተገዛው የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ንግግር ፊት ደቂቃውንና የተናጋሪውን ድርሻ ጽፌያለሁ።

ኢሜይሉን የላክሁት ሰኞ ማታ ሲሆን ሦስት ገጽ ሞላ። የጽሑፉን ቅደም ተከተል ተከትዬ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው የተነጋገሩትን አሳጥሬ ነበር ያስቀመጥሁት። ማክሰኞ ማንም አልመለሰልኝም። ረቡዕ የሳይት መሐንዲሱ ደውሎ «እኔ ምን እንድሠራ ነው የተባለው?» አለኝ። መልሱ በሁለተኛው ገጽ መካከል፣ ስለ አሸዋ አቅርቦት በሚናገር አንቀጽ ውስጥ ነበረ። ስብሰባው የሄደበት ቅደም ተከተልና አንባቢው የሚፈልገው ቅደም ተከተል አንድ አለመሆኑን ያየሁት ይህን ጊዜ ነው። ሰዎቹ ስብሰባው ላይ ስለነበሩ ውይይቱ እንዲተረክላቸው አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት የተቆረጠውን ነገርና የራሳቸውን የቤት ሥራ ነው።

ጥቅምት 15፣ ሁለተኛው ስብሰባ

ኢሜይሉን በሁለት ክፍል አደራጀሁት። መጀመሪያ «ውሳኔዎች»፣ ቀጥሎ «የቤት ሥራዎች» ይመጣሉ፤ ውይይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጣሁት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ሰጠሁ፤ 2-3 ማለት የሁለተኛው ስብሰባ ሦስተኛ ነጥብ ነው። ጠቅላላው ከአንድ ገጽ አልበለጠም። እሑድ ማታ ተላከ፤ ተቋራጩም በሰዓታት ውስጥ «ደርሶኛል» ብሎ መለሰ።

የዚህ ሳምንት ዋና ጉዳይ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉ ኮንክሪት ነበር። ሙሌቱ ሐሙስ ጥቅምት 20 እንዲሆን ተቆረጠ። ከሙሌቱ በፊት በሶሌታው ውስጥ የሚያልፉት ቱቦዎች ቦታቸውን መያዝ ስላለባቸው የመጸዳጃ ቤቱ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ጉዳይ ተነሣ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

[00:21:10] ተቋራጭ፦ ጋሼ፣ የላይኛው መጸዳጃ ቤት ቱቦ ወደ ምሥራቅ 60 ሴንቲ ቢመጣ ከታችኛው ጋር ቀጥ ብሎ ይገጥማል፤ መታጠፊያ አያስፈልገውም።
[00:21:24] ባለቤት፦ እሺ።
[00:21:26] ተቋራጭ፦ ሌላው የመብራት መስመሩ ነገር ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ነጥብ 2-3ን «የላይኛው መጸዳጃ ቤት ቱቦ 60 ሴ.ሜ. ወደ ምሥራቅ እንዲዛወር ተወስኗል» ብዬ ጻፍሁ። ተቋራጩ ኢሜይሉን ይዞ ሰኞ ዕለት ኮንክሪቱ የሚሞላበትን የጣውላ ቅርጽ፣ ካሳፎርማውን፣ አስቀድዶ ቱቦውን በአዲሱ ቦታ አስተከለ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ባለቤቱ ኢሜይሉን ያነበቡት ዛሬ ነው፤ ወዲያውም ደወሉ። «እኔ ቱቦው ይዛወር አላልኩም፤ ሥዕሉ ላይ ልየው ነው ያልኩት» አሉ። ቅጂውን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ እውነታቸውን ነው፦

[00:34:02] ባለቤት፦ ያን ቅድም ያላችሁትን የቱቦውን ነገር ግን ሥዕሉ ላይ ልየው፤ ቁም ሳጥኑን እንዳይነካብኝ።
[00:34:11] ተቆጣጣሪ፦ ሥዕሉን እንልክልዎታለን።

ስሕተቴ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው «እሺ» የሚለውን ቃል እንደ ውሳኔ መቁጠሬ ነው። በስልክም ሆነ በቪዲዮ ስንነጋገር «እሺ» ብዙውን ጊዜ «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ማለት ነው፤ ዝም ካልን መስመሩ የተቋረጠ ስለሚመስል በየመሐሉ እንለዋለን። የእኚህን ባለቤት «እሺ» በሁለቱ ስብሰባዎች ጽሑፍ ውስጥ ስቆጥር 38 ጊዜ አገኘሁት፤ ከእነዚህ ውስጥ መስማማትን የሚገልጸው ስድስቱ ብቻ ነው። ስድስቱን የሚለያቸው ከ«እሺ» በኋላ ነገሩን ራሳቸው መድገማቸው ነው፦ «እሺ፣ ሐሙስ ይሞላ»፣ «እሺ፣ በዚያ ዋጋ ግዙ»። ብቻውን የቆመው «እሺ» ከዚህ በኋላ በእኔ ዘንድ ውሳኔ አይባልም።

ሁለተኛው ስሕተት፣ ነገሩ መጀመሪያ በተነሣበት ቦታ አንብቤ ማቆሜ ነው። ሰው ሐሳቡን የሚለውጠው አጀንዳው ከተዘጋ በኋላ፣ ስለ ሌላ ነገር እየተነጋገረ ሳለ ትዝ ሲለው ነው፤ በዚህም ስብሰባ መካከል የገባው ልዩነት አሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። አሁን አንድን ነጥብ ውሳኔ ብዬ ከመጻፌ በፊት የነገሩን ስም በጽሑፉ ውስጥ በ`Ctrl+F` እፈልጋለሁ። ሆኖም «ቱቦ» የሚለውን ቃል ብቻ መፈለግ እንደማይበቃ አይቻለሁ፤ ተናጋሪዎች «ያ ነገር»፣ «ቅድም ያልነው»፣ «እሱ» እያሉ ይጠሩታል። ስለዚህ «ቅድም» የሚለውንም ቃል ለብቻው እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ የሚመለሱ ንግግሮች አብዛኛዎቹ በዚህ ቃል ይጀምራሉ።

ጥቅምት 19

ዛሬ ጠዋት ቱቦው ወደ ሥዕሉ ቦታ ተመለሰ። የተቀደደው የካሳፎርማ ጣውላ ተደፈነ፣ ቱቦውን ለማሳለፍ ወደ ጎን የተገፉት ሁለት ፌሮዎችም ወደ ቦታቸው ተመልሰው ታሰሩ። የአንድ አናጢና የሁለት ሠራተኞች ግማሽ ቀን ከዕቃው ጋር 4,200 ብር ሆነ፤ ስሕተቱ ከኢሜይሉ የመጣ ስለሆነ ወጪውን ቢሯችን ሸፈነ። ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢሆን ኖሮ ሶሌታውን መብሳት ግድ ይል ነበር፤ ፌሮም ይቆረጥ ነበር።

የማስተካከያውን ኢሜይል እንዴት እንደምጽፍ አሰብሁበት። የመጀመሪያ ሐሳቤ የተስተካከለውን ሙሉ ኢሜይል እንደገና መላክ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ተመሳሳይ ኢሜይሎች በእጁ ያሉት ሰው የትኛው የጸና እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ አጭር ደብዳቤ ብቻ ላክሁ፦ «ነጥብ 2-3 ተሽሯል። ቱቦው በጸደቀው ሥዕል ላይ ባለበት ቦታ ይቆያል። ሌሎቹ ነጥቦች እንዳሉ ይጸናሉ።» ነጥቦቹን በቁጥር መሰየሜ ለዚህ ጠቀመ። ሙሌቱ ነገ ሐሙስ በታሰበው ቀን ይከናወናል።

ጥቅምት 22፣ ሦስተኛው ስብሰባ

በዚህ ሳምንት ያስቸገረኝ ነገር አድራጊያቸው የማይታወቅ ግሦች ናቸው። በአማርኛ አድራጊውን ሳይጠሩ መናገር ቀላል ነው፤ «ይመጣል»፣ «ይታያል»፣ «ይጠየቃል» ስንል ማን እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ስብሰባ ላይ ሁሉም የተረዳው ይመስለዋል፤ ወደ ጽሑፍ ሲወርድ ግን ሰው የለበትም። በዚህ ስብሰባ ጽሑፍ ውስጥ የቤት ሥራ የሚመስሉ አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገሮች አገኘሁ፤ ከእነዚህ ውስጥ አድራጊያቸው ግልጽ የሆነው አራቱ ብቻ ናቸው።

«እናመጣለን» የሚለው ደግሞ የተሻለ ይመስላል እንጂ ያው ነው። የሳይት መሐንዲሱ «የሴራሚኩን ናሙና እናመጣለን» ሲል «እኛ» ያለው ራሱንና ተቋራጩን ነው፤ እያንዳንዳቸውም ሌላው እንደሚያመጣው ያስባሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ባዶ እጃቸውን መምጣታቸው ከዚህ የተነሣ ነበር።

መጀመሪያ ያደረግሁት፣ ሥራው የማን እንደሚሆን በመገመት ስም መጻፍ ነው። ረቂቁን ለተቆጣጣሪ መሐንዲሳችን ሳሳየው አልተቀበለኝም፤ «ስብሰባው ያልሰጠውን ሥራ ኢሜይሉ ሊሰጥ አይችልም» አለኝ፤ ልክ ነበር። ስለዚህ ኢሜይሉ ከመላኩ በፊት ለሰባቱም ነጥቦች ስልክ ደወልሁ። ጠቅላላው ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። አምስቱ ኃላፊ አገኙ። ሁለቱን ማንም አልወሰዳቸውም፤ ከእነዚህ አንዱ «የውኃ ታንከሩ ቦታ ይታያል» የተባለው ነው። ለእነዚህ «ያልተቆረጡ» የሚል ሦስተኛ ክፍል ጨመርሁ። እንደ ውሳኔም እንደ የቤት ሥራም አይቆጠሩም፤ ነገር ግን ከኢሜይሉ ቢቀሩ ሰዎቹ አልቀዋል ብለው ይተዉአቸዋል።

ስልክ ደውዬ ያገኘሁትን ከጽሑፉ ካገኘሁት ለመለየት ከነጥቡ መጨረሻ «ከስብሰባው በኋላ በስልክ የተረጋገጠ» ብዬ ጽፌያለሁ። ኋላ ቅጂውን ከፍቶ የሚያመሳክር ሰው በስብሰባው ውስጥ ያልተነገረ ነገር ኢሜይሉ ላይ ቢያገኝ ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

ጥቅምት 24

የባለቤቱ እህት ደወሉልኝ። በስብሰባው ላይ የአሉሚኒየም መስኮቶቹን ሦስት ፕሮፎርማ «የዛሬ አሥራ አምስት አመጣለሁ» ብለው ነበር፤ እኔ ከቅዳሜ ጥቅምት 22 አሥራ አምስት ቀን ቆጥሬ «እሑድ ኅዳር 7» ብዬ ጻፍሁ። «የእኔ ልጅ፣ የዛሬ አሥራ አምስት ያው ቅዳሜ ነው፤ እሑድማ ማን ሱቅ ይከፍትልኛል» አሉኝ። «የዛሬ ስምንት» ሲባል የዛሬው ቀን አብሮ ስለሚቆጠር በሳምንቱ ያንኑ ቀን ማለት ነው፤ «የዛሬ አሥራ አምስት»ም በሁለት ሳምንቱ ያንኑ ቀን ነው። ይህን እያወቅሁ ቁጥሩን እንደ ሒሳብ ይዤው ነበር። ትክክለኛው ቀን ቅዳሜ ኅዳር 6 ነው።

ከዚህ በኋላ ማንኛውንም የጊዜ ገደብ በሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ የዕለቱ ስም፣ የእኛ ቀን፣ እንዲሁም ባለቤቱ በሚጠቀሙበት የፈረንጅ ቀን። የዕለቱ ስም ከቀኑ ጋር ካልገጠመ ስሕተቱ ራሱ ይታያል፤ «እሑድ» ብዬ ስጽፍ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። «በቅርቡ» እና «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚሉትን ከኢሜይሉ አስወግጃለሁ፤ ተናጋሪው ቀን ካልሰጠ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 29፣ አራተኛው ስብሰባ

ስብሰባው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ጀመረ፤ ምክንያቱም ያለፈው ኢሜይሌ ነው። በኢሜይሉ መጨረሻ «ቀጣዩ ስብሰባ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ከጠዋቱ በፈረንጅ 9 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ነበር። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ትክክል ነበር። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ እሑድ ጥቅምት 23 (ኖቬምበር 2) ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሷል። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው ሰባት ሰዓት ሲሆን አሁን ስምንት ሆኗል፤ የእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ለእርሳቸው በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው። ባለቤቱ በጻፍሁት ሰዓት ገቡ፣ አራቱ ደግሞ እዚህ አንድ ሰዓት ጠበቁ። በየሳምንቱ ከአንዱ ኢሜይል ወደ ሌላው እገለብጠው የነበረውን መስመር አጠፋሁት፤ አሁን በየጊዜው የዋሽንግተንን ሰዓት አይቼ አዲስ እጽፋለሁ። ልዩነቱ በማርች ወር ወደ ሰባት ሰዓት እንደሚመለስም በቀን መቁጠሪያዬ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

በስብሰባው ላይ የሶሌታው ኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካበት የኪዩብ ሙከራ የሰባት ቀን ውጤት ቀረበ፤ ተቆጣጣሪያችን ተቀብሎታል። የ28 ቀኑ ሐሙስ ኅዳር 18 ነው።

ሌላ የተነጋገርንበት ጉዳይ ዝምታ ነው። በእያንዳንዱ ኢሜይል መጨረሻ «እስከ ማክሰኞ ማስተካከያ ካልቀረበ እንደተስማሙ ይቆጠራል» የሚል መስመር ነበረ። በጥቅምት 15ቱ ኢሜይል ላይም ነበረ፤ ቱቦው ግን ማክሰኞ ሳይደርስ ሰኞ ተተከለ። ተቋራጩን መውቀስ አልችልም፤ ኢሜይሉ «ተወስኗል» ይላል፣ ሐሙስም ሙሌት አለ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ውሳኔዎችን ለይተን ለማስቀመጥ ተስማማን። ኮንክሪት ወይም ልስን የሚሸፍነው ማንኛውም ሥራ፣ እንዲሁም ዕቃው ከተገዛ በኋላ የማይመለስ ግዢ፣ ባለቤቱ በጽሑፍ «እስማማለሁ» እስኪሉ አይጀመርም፤ ዝምታቸው አይበቃም። ለሌላው ሁሉ የማክሰኞው ገደብ ይሠራል። በኢሜይሉ ላይ የመጀመሪያዎቹ «ምላሽ ይጠብቃል» የሚል ምልክት ይደረግባቸዋል። በዛሬው ስብሰባ ከተቆረጡት አምስት ነጥቦች ይህ ምልክት የተደረገበት አንዱ ብቻ ነው፤ ብዙ ነጥብ ላይ ቢደረግ ባለቤቱ ሳያነቡ መስማማት እንዳይጀምሩ እሰጋለሁ።

ኅዳር 7፣ ከአምስተኛው ስብሰባ በኋላ

የትናንቱ ስብሰባ 41 ደቂቃ ፈጀ። ወደ ጽሑፍ መመለሱ ሦስት ሰዓት፣ ኢሜይሉን ማዘጋጀቱ ደግሞ ከስልኩ ጋር አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደ። ሙሉውን ቃል በቃል መጻፍ ያስፈልግ እንደሆነ አስቤበት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የሰላምታውንና የጨዋታውን ክፍል ዘልዬ ሞክሬ የሃያ ደቂቃ ሥራ ቀነሰልኝ። ሆኖም የሳይት መሐንዲሱ ስለ አናጢዎቹ መቅረት የተናገረው በመሰነባበቻው ላይ ስለነበር ሊያመልጠኝ ሲል ነው ያገኘሁት። ስለዚህ የመግቢያውን ሰላምታ እዘልላለሁ፣ መጨረሻውን ግን እስከ ስንብቱ ድረስ እጽፋለሁ።

ዛሬ የተላከው ኢሜይል ይህ ነው፦

> ርዕስ፦ የ5ኛው ስብሰባ (ኅዳር 6) ውሳኔዎችና የቤት ሥራዎች፤ አንድ ነጥብ ምላሽ ይጠብቃል
>
> ክቡራን የስብሰባው ተሳታፊዎች፣
>
> ውሳኔዎች
> 5-1. የመስኮቶቹ ሥራ ከቀረቡት ሦስት ፕሮፎርማዎች በሁለተኛው መሠረት እንዲሰጥ ባለቤቱ ወስነዋል (00:12:40)። ምላሽ ይጠብቃል፦ ቅድመ ክፍያው የማይመለስ ስለሆነ ባለቤቱ በጽሑፍ እስኪያረጋግጡ አይከፈልም።
> 5-2. የውስጥ ግድግዳ ግንባታ ከምድር ቤት እንዲጀምር ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ፈቅዷል (00:19:05)።
>
> የቤት ሥራዎች
> 5-3. የሴራሚክ ናሙና ሦስት ዓይነት ወደ ሳይት ማምጣት፤ ተቋራጩ፤ እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19)። ከስብሰባው በኋላ በስልክ የተረጋገጠ።
> 5-4. የ28 ቀን የኪዩብ ውጤት ከላቦራቶሪ ተቀብሎ ለሁሉም መላክ፤ የሳይት መሐንዲሱ፤ እስከ ዓርብ ኅዳር 19 (ኖቬምበር 28)።
>
> ያልተቆረጡ
> 5-5. የውኃ ታንከሩ ቦታ። ከ3ኛው ስብሰባ የተላለፈ፤ ኃላፊ አልተሰጠውም።
>
> ቀጣዩ ስብሰባ፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 (ኖቬምበር 22) ከቀኑ 10 ሰዓት፤ በዋሽንግተን ከጠዋቱ በፈረንጅ 8 ሰዓት።
> ምልክት ለሌላቸው ነጥቦች ማስተካከያ ካለ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ከቀኑ 11 ሰዓት ይላክልን።

በእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን ያለው ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ የተነገረበት ደቂቃ ነው። በዚህ ሳምንት የጨመርሁት ሲሆን፣ ጽሑፉን ለሁሉም አባሪ አድርጌ ከመላክ ይልቅ የፈለገ ሰው ያንን ደቂቃ ብቻ እንዲጠይቀኝ አድርጌያለሁ፤ ሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ሰዎቹ ስለ ሌሎች ተቋራጮችና ስለ ገንዘባቸው የተናገሩት ስላለ ከቢሯችን አይወጣም። ውሳኔውን «ተወስኗል» ማለቴን ትቼ ማን እንደወሰነ መጻፌም ጠቅሞኛል፤ የዲዛይንና የገንዘብ ውሳኔ የባለቤቱ፣ የጥራት ውሳኔ የተቆጣጣሪው ስለሆነ፣ ተቋራጩ ብቻውን «ተስማምተናል» ያለበትን ነጥብ ስጽፍ የወሳኙን ስም መሙላት አቅቶኝ ወደ «ያልተቆረጡ» አውርጄዋለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ባለቤቱ ሌሊት መልስ ልከዋል፦ «5-1 እስማማለሁ፤ ነገር ግን የመስታወቱ ውፍረት በፕሮፎርማው ላይ አልተጻፈም፤ ይጻፍና ይከፈል።» ፕሮፎርማውን ከፍቼ አየሁ፤ በእርግጥም የለም። እህታቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ሄደው እንዲያጽፉ ተስማምተዋል፤ ነጥቡ በቀጣዩ ኢሜይል 5-1 ተብሎ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ቅድመ ክፍያውም አልተላከም።